ግልጽ ያልሆነ የወርክሺት ጥያቄ ሲገጥማችሁ ለመምህራችሁ እንዴት ትጽፋላችሁ?

«ቲቸር ጥያቄ 7 አልገባኝም።»

ተማሪዎች ለመምህር ከሚልኩት መልእክት ውስጥ ይሄኛው የተለመደ ነው። ብልግና የለበትም። ግን መምህሩ ምንም ሊመልስበት አይችልም። የትኛው ወርክሺት? የትኛው ክፍል? ማን ነው የጻፈው? ያልገባው ሒሳቡ ነው ወይስ የጥያቄው አማርኛ? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ አንድ የሒሳብ መምህር ብዙ ክፍሎችን ያስተምራል። ስልኩ ላይ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተማሪው ቁጥር ሳይሆን የአባት ወይም የእናት ቁጥር ነው። ስለዚህ መምህሩ ወይ «የቱ ጥያቄ?» ብሎ ይመልሳል፣ ወይ «ነገ ክፍል ጠይቅ» ይላል፣ ወይ ዝም ይላል። ወርክሺቱ የሚሰበሰበው ነገ ጠዋት ከሆነ ሦስቱም አይጠቅሙም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንየው። ደሴ ያለች የ7ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል ሀያት ሰይድ እንበላት። ሐሙስ ስለ መቶኛ የሚጠይቅ ወርክሺት ተሰጣት። የሚሰበሰበው ሰኞ ነው። ጥያቄ 7 እንዲህ ይላል፦

«አንድ ጫማ 2,300 ብር ይሸጣል። ዋጋው 15% ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራል። ታክሱ ስንት ብር ነው?»

ሲታይ ቀላል ነው። ቫት 15% መሆኑን ፒያሳ ሱቅ ገብቶ ደረሰኝ የተቀበለ ሁሉ ያውቃል። ሀያት ግን «ይጨምራል» ላይ ቆመች። ታክሱ 2,300 ብሩ ውስጥ አለ ማለት ነው? ወይስ በ2,300 ላይ ገና ሊታከል ነው?

መጀመሪያ፦ ጥያቄው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ይሄን ለዩ። «አልገባኝም» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ስሌቱን አለማወቅ ነው። ሌላው ስሌቱን እያወቁ ጥያቄው የትኛውን እንደፈለገ አለማወቅ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ የሚጻፈው መልእክት ሌላ ነው፤ ያኔ ማብራሪያ ነው የምትጠይቁት። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

መለያው ይሄ ነው። ጥያቄውን በተረዳችሁት በሁለቱም መንገድ እስከ መጨረሻው ሥሩት። ሁለቱም መልስ ከጥያቄው ቃላት ጋር ሳይጋጭ ከቆመ፣ ጥያቄው በእውነት ግልጽ አይደለም። አንዱ ከተጋጨ፣ ችግሩ የእናንተ ነበር፤ መልሱንም በዚያው አገኛችሁት።

ሀያት ሠራችው።

በመጀመሪያው አረዳድ ታክሱ በ2,300 ላይ ይታከላል። 2,300 × 15 ÷ 100 = 345 ብር። ገዢው በጠቅላላ 2,645 ብር ይከፍላል።

በሁለተኛው አረዳድ ታክሱ 2,300 ውስጥ አለ። ያኔ 2,300 ብሩ የዋናው ዋጋ 115% ነው። 2,300 ÷ 115 × 100 = 2,000 ብር ዋናው ዋጋ ይሆናል። ታክሱ 300 ብር ነው። 2,000 ሲደመር 300፣ 2,300። ትክክል።

345 እና 300። ሁለቱም ቆሙ። ስለዚህ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ሦስተኛ መንገድ አለ። ታክሱ ውስጥ አለ ይሉና የ2,300ን 15% ወስደው ይቀንሳሉ፦ 2,300 − 345 = 1,955። ከዚያ «መልሱ አልመጣ አለኝ፣ ጥያቄው ችግር አለበት» ብለው ለመምህሩ ይጽፋሉ። ወደኋላ ተመልሳችሁ ፈትሹት። የ1,955 15% 293.25 ነው፤ ሲደመር 2,248.25 ይሆናል እንጂ 2,300 አይሆንም። አረዳዳችሁ ልክ ነው፣ ስሌቱ ነው የተሳሳተው። ታክሱ የሚሰላው ከዋናው ዋጋ እንጂ ከተጨመረበት ዋጋ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሳትፈትሹ «ጥያቄው ልክ አይደለም» ብሎ መላክ ያሳፍራል።

ሌላም ነገር አለ። «2,000 ብር ድፍን ቁጥር ስለሆነ መምህሩ ይሄን ነው ያሰበው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ግምቱ መጥፎ አይደለም። ግን 345ም ያለ ምንም ቁርጥራጭ የወጣ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስላማረ ብቻ አትወስኑ።

ወረቀቱን ፈትሹ

ይሄ አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ወርክሺት ፎቶ ኮፒ ከፎቶ ኮፒ ሲባዛ የዳር መስመር ይቆረጣል፣ ነጥብ ይጠፋል፣ 3 ቁጥር 8 ይመስላል። የሌላ ልጅ ወረቀት ተውሳችሁ ጥያቄውን ቃል በቃል አስተያዩ። በላዩ «ከ5 እስከ 8 ላሉት ጥያቄዎች ዋጋው ከታክስ በፊት ነው» የሚል መመሪያ ካለም እዩ። ከዚያ ደብተራችሁን ገልጣችሁ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራውን ምሳሌ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ሀያት ደብተሯ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ምሳሌ አገኘች፤ አንዱ ግን «ታክስን ጨምሮ» ሲል ሌላው «ከታክስ በፊት» ይላል። ጥያቄ 7 ሁለቱንም አይልም።

መልእክቱን መጻፍ

አሁን ስልክ አንሱ። ጥሩ መልእክት ውስጥ መግባት ያለበት እንዲህ በቅደም ተከተል ነው፦ ሰላምታ፣ ማንነት፣ የትኛው ጥያቄ፣ የቱ ጋ እንደተያዛችሁ፣ ምን እንደሞከራችሁ፣ ምን እንዲነግሯችሁ እንደምትፈልጉ፣ ምስጋና። ብዙ ይመስላል እንጂ አሥር መስመር አይሞላም።

ሰላምታው ከጥያቄው ጋር በአንድ መልእክት ይሂድ። «ሰላም ቲቸር» ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ለመምህሩ ድካም ነው። መምህሩ «ሰላም» ይላል፣ ከዚያ ምን እንደምትሉ ይጠብቃል፣ እናንተ ደግሞ ያኔ ስልኩን ለአባታችሁ መልሳችሁ ይሆናል። «እንዴት አመሹ» ብላችሁ ማታ የላካችሁትን መምህሩ ጠዋት ሊያነበው ይችላል፤ «ጤና ይስጥልኝ» ግን ሰዓት አይመርጥም። ክፍል ውስጥ «አሰላሙ አለይኩም» የምትባባሉ ከሆነም እሱኑ ጻፉ። ወሎ ውስጥ የትኛውም አያስገርምም።

ማንነት ላይ አትስነፉ። ስም ከነአባት፣ ክፍል፣ ሴክሽን። በቤተሰብ ስልክ ከሆነ «በአባቴ ስልክ ነው የምጽፍልዎ» በሉ። ይሄ ዓረፍተ ነገር አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ መምህሩ መልሱን ሲልክ ወላጅ እንደሚያየው ያውቃል።

ጥያቄውን ቃል በቃል ገልብጡት። «ያ የጫማው ጥያቄ» አይበቃም። መምህሩ ወርክሺቱ ቤቱ ላይኖር ይችላል፤ ካዘጋጀውም ሳምንት አልፎት ይሆናል።

የሚጠየቀው ነገር ደግሞ ባጭሩ የሚመለስ ይሁን። የዚህ ሁሉ ዋናው ዘዴ እሱ ነው። ሀያት «ቫት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?» ብላ ብትጽፍ፣ መምህሩም መንገድ ላይ ሆኖ «ይጨምራል» ብሎ ቢመልስ፣ ተመልሳ እዚያው ናት። ያደናገራትን ቃል መልሳ ነው የተቀበለችው። ስለዚህ አማራጮቹን በሌላ ቃል መጻፍ አለባት፦ «2,300 ውስጥ አለ» ወይስ «በ2,300 ላይ ይታከላል»። ከዚያም ሀ እና ለ ብላ ምልክት ትሰጣቸዋለች። መምህሩ አንድ ፊደል ቢጽፍ ይበቃል።

በቴሌግራም የሚላከው ሙሉው መልእክት እንዲህ ይሆናል፦

> ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ሀያት ሰይድ ነኝ፣ ከ7ኛ መ። በአባቴ ስልክ ነው የምጽፍልዎ።
>
> ሐሙስ የሰጡን የመቶኛ ወርክሺት ጥያቄ 7 ላይ አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። ጥያቄው «አንድ ጫማ 2,300 ብር ይሸጣል። ዋጋው 15% ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራል። ታክሱ ስንት ብር ነው?» ይላል።
>
> በሁለት መንገድ ሞክሬዋለሁ፦
> ሀ) ታክሱ 2,300 ብሩ ውስጥ ካለ፣ 300 ብር መጣልኝ።
> ለ) ታክሱ በ2,300 ብር ላይ የሚታከል ከሆነ፣ 345 ብር መጣልኝ።
>
> የትኛውን ይዤ ልሥራው? ሀ ወይም ለ ቢሉኝ ይበቃኛል። የምናስረክበው ሰኞ ስለሆነ ሲመችዎ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።

አንድ መምህር ይሄን ሲያነብ ልጅቷ እንደሠራች ያያል። ሁለቱም ስሌት ትክክል መሆኑንም ያያል። «መልሱን ንገሩኝ» እንዳላለችም ያውቃል። «ሠርታችሁ ሞክሩ» የሚል መልስ አይመጣም፤ ሞክራለችና።

ቃላቱ ላይ ትንሽ እንቆይ

ጨዋነት በአማርኛ ያለው ግሡ ላይ ነው። «እባክዎ» በየመስመሩ ብትደረድሩ ግሡ «ንገረኝ» ካለ አልዳነም። በጣም የሚያጋጥመው ስህተት ደግሞ መሃል ላይ መንሸራተት ነው፦ «እንዴት ዋሉ ቲቸር፣ ጥያቄ 7ን ብታብራራልኝ»። በእርስዎ ጀምሮ በአንተ ጨረሰ። ከመላካችሁ በፊት ግሦቹን ብቻ አንድ በአንድ እዩ። ሰጡን፣ ቢሉኝ፣ ሲመችዎ፣ ቢነግሩኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ላኩት።

«ይንገሩኝ» ራሱ የአክብሮት ነው፣ ግን ትእዛዝነት አለው። «ቢነግሩኝ» ለስለስ ይላል፤ ለጥያቄ የሚሻለው እሱ ነው። ወሎ ውስጥ ታላቅን ፊት ለፊት «አንቱ» ማለት የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ግሡ ለአንቱም ለእርስዎም አንድ ስለሆነ ተውላጠ ስሙን ጭራሽ ሳትጽፉ መጨረስ ትችላላችሁ። ከላይ ያለው መልእክት ውስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልገባም፤ አክብሮቱ ግን አልጎደለም። መምህርት ከሆነችም ግሡ አይቀየርም።

መምህሩ ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ቢሆንም አንተ አትበሉት። ሜዳ ላይ አብሯችሁ ኳስ ይጫወት ይሆናል። በጽሑፍ ግን መምህር ነው።

«ጥያቄው ስህተት ነው» አትበሉ። ይሄን የምለው መምህር አይሳሳትም ለማለት አይደለም። ሀያት የምታውቀው ሁለት መልስ እንደመጣላት ብቻ ነው፤ የምትጽፈውም እሱኑ ነው። መምህሩ ሁለቱን ቁጥሮች ሲያይ የሚታረም ነገር ካለ ራሱ ያየዋል። «ግልጽ አልሆነልኝም» እውነትም ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

በሌላ በኩል ይቅርታ አታብዙ። «ይቅርታ ቲቸር በጣም ይቅርታ ሰዓትዎን ስለወሰድኩ፣ ቢደብርዎትም፣ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው…» እያለ የሚሄድ መልእክት ጥያቄውን ይቀብረዋል። መምህሩ ወደ ታች እየጎተተ ጥያቄውን ይፈልጋል። አንድ ይቅርታ የሚያስፈልገው ሰዓቱ ከመሸ ብቻ ነው።

በፈረንጅ ፊደል አማርኛ መጻፍም ለዚህ አይሆንም። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ይምታታሉ። አንድ ቃል ባመጣው ግርታ ለመጠየቅ ተነስታችሁ ሌላ ግርታ አትጨምሩ።

በኤስኤምኤስ ከሆነ

ዳታ ከሌለ ወይም ኔትወርኩ እምቢ ካለ ኤስኤምኤስ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፣ የሚቆጠረውም እንደ ተለያየ መልእክት ነው። ከላይ ያለው ሙሉ መልእክት ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። ስለዚህ ስሌቱን ትታችሁ ግርታውንና አማራጩን ብቻ አስቀሩ፦

> ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ሀያት ሰይድ ነኝ፣ 7ኛ መ። ወርክሺት 3 ጥያቄ 7፦ 15% ታክሱ (ሀ) 2300 ውስጥ አለ? ወይስ (ለ) በ2300 ላይ ይታከላል? ሀ ወይም ለ ቢሉኝ ይበቃኛል። አመሰግናለሁ።

ይሄ በሁለት መልእክት ያልቃል። ስምና ክፍል እንዳልተቆረጠ ልብ በሉ። ማሳጠር ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚወጣው ማብራሪያው ነው፤ ስሙ መቼም አይወጣም።

ስልክ ጭራሽ ከሌለ ያንኑ አጭር ጽሑፍ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አርብ ከክፍል ሲወጡ በእጅ ስጡ። ታች ለመልሱ ባዶ መስመር ተዉ። መምህሩ ሀ ወይም ለ ብሎ ጽፎ መልሶ ይሰጣችኋል።

ፎቶ

ፎቶ መላክ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጥያቄው ሥዕል ወይም ግራፍ ካለው። ግን ፎቶ ብቻውን አይላክ። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን ከፎቶው ሥር አብራችሁ ጻፉት። ያኔ መምህሩ ከሌሎች መልእክቶች መሃል ሲፈልግ ሁለቱ አይለያዩበትም። ጥያቄውን በእርሳስ ክበቡት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በቀን ብርሃን አንሱ። ማታ በአምፖል ካነሳችሁት የእጃችሁ ጥላ ራሱ ጥያቄው ላይ ያርፋል።

መቼ እንላክ

ወርክሺቱ ሐሙስ ተሰጥቶ ሰኞ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ሐሙስ ማታ ወይም አርብ ላኩ። እሁድ ማታ 4 ሰዓት የተላከ ጥያቄ ምንም ያህል ቢያምር «እስካሁን የት ነበርሽ?» ያስብላል። አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የጁምዓ ሰዓት ነው፤ እሱን ዝለሉ። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ አትላኩ። መልእክት በራሱ ሰዓት ይነበባል የሚል አለ፤ ልክ ነው፣ ግን በዚያ ሰዓት ያየው ሰው «በኋላ» ብሎ ይረሳዋል።

ሚስድ ኮል አታድርጉ። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ካለ መጀመሪያ እዚያ ወደላይ አንብቡ፤ ሌላ ልጅ ጠይቆት ሊሆን ይችላል። ካልተጠየቀ ግሩፑ ላይ መጠየቅ ይሻላል ወይስ ለብቻ? ጥያቄው ሁሉንም የሚያደናግር ከሆነ ግሩፑ ይሻላል፤ መምህሩ አንዴ መልሶ ያርፋል። ግን ያኔ 300 እና 345 የሚሉትን መልሶች አውጡና ሀ እና ለን ብቻ ተዉ። አለበለዚያ ክፍሉ በሙሉ ከእናንተ መልእክት ሊገለብጥ ነው።

መልስ ካልመጣ፣ መልስ ከመጣ

አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጋችሁ አስታውሱ፦ «ጤና ይስጥልኝ ቲቸር፣ ስለ ጥያቄ 7 የጻፍኩልዎን ምናልባት አላዩት ይሆናል ብዬ ነው። ሲመችዎ ቢያዩልኝ።» «አይተውት ዝም አሉኝ» የሚል ነገር አይጻፍም፤ ሁለቱ ምልክት ቢታያችሁም።

እሁድ ማታም ዝም ካለ ጥያቄውን ባዶ አትተዉት። አንዱን አረዳድ መርጣችሁ ከላይ በግልጽ ጻፉ፦ «2,300 ብር ታክሱን ያካተተ ዋጋ ነው ብዬ ወስጄ ነው የሠራሁት» ብላችሁ 300 ብርን አሳዩ። ከሥር ደግሞ በአንድ መስመር «ታክሱ በላዩ የሚታከል ከሆነ 345 ብር ይሆናል» በሉ። አራሚው የቱንም ቢያስብ ሥራችሁን ያየዋል። ሁለት መልስ ያለ ምንም ማብራሪያ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ግምት ይመስላል፣ ብዙ መምህርም አይቀበለውም።

መልሱ «ሀ ነው፣ አብሽሪ» ብሎ ከመጣ፣ «ገባኝ ቲቸር፣ ሀን ይዤ እሠራዋለሁ። አመሰግናለሁ» ብላችሁ ዝጉት። «እሺ» ብቻ ከላካችሁ መምህሩ የትኛውን እንደወሰዳችሁ አያውቅም። ሀን ስትደግሙት ግን በስህተት ለን ሀ ብሎ ጽፎ ከሆነ ያኔውኑ ያርመዋል። ለጓደኞቻችሁ ስታስተላልፉም የመምህሩን መልስ ከጥያቄያችሁ ጋር አድርጋችሁ አስተላልፉ፤ «ሀ ነው አሉ» ብቻ ከተባለ ሀ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም።

አንዳንድ መምህር ደግሞ «ሁለቱንም አስቢበት፣ ሰኞ እናወራበታለን» ይላል። ይሄ መልስ መከልከል አይደለም። ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ሊያነሳው ፈልጓል ማለት ነው። ያኔ ሁለቱንም ስሌት በንጹሕ ወረቀት፣ አረዳዱን ከየአንዳንዱ በላይ ጽፋችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ሰሌዳ ላይ ውጪ ሊላችሁ ይችላል።